ስልክ እንቅልፍ ይነሳል ወይስ እንቅልፍ ያጣ ስልክ ያነሳል? የዳሰሳ ጥናት አሳጥሮ ስለመጻፍ ጥያቄና መልስ

የዳሰሳ ጥናት ሪፖርቶችን ወደ አንድ ገጽ ማሳጠር ለብዙ ዓመታት የዕለት ሥራዬ ነበር። በዚህ ጉዳይ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበርና የመጡት ጥያቄዎች እነሆ፤ መልስ ያላገኘሁላቸውም አሉበት። አብዛኞቹ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ባመጣችው ምሳሌ ዙሪያ ስለሚሽከረከሩ እሱን ረዘም አድርጌዋለሁ።

አንዲት ተማሪ፦ መምህራችን ለልምምድ ራሱ የፈጠረውን ሪፖርት ሰጥቶን በአንድ አንቀጽ አሳጥሩ አለን። 1,000 አዋቂዎች በዕጣ ተመርጠው በስልክ ተጠይቀዋል። 600ዎቹ ማታ አልጋ ላይ ሆነው ስልካቸውን ይመለከታሉ፤ 400ዎቹ አይመለከቱም። ከሚመለከቱት 58 በመቶ፣ ከማይመለከቱት 50 በመቶ «በቂ እንቅልፍ አላገኝም» ብለዋል። የስህተት ህዳጉ 3.1 ነው ይላል። እኔም «በ1,000 ሰዎች ላይ የተካሄደ ጥናት አልጋ ላይ ስልክ መመልከት እንቅልፍ እንደሚነሳ አረጋገጠ፤ የስህተት ህዳጉ 3.1 በመቶ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰልኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

በቀይ የተሰመረው በሦስት ቦታ ይመስለኛል። ከሁሉ የሚከብደው «ይነሳል» የሚለው ግስ ነው።

መጠይቁ ያደረገውን አስቢው። አንድ ሰው ስልኩን ያነሳል፤ ጠያቂዋ «አልጋ ላይ ሆነው ስልክ ይመለከታሉ?» ትለዋለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ «በቂ እንቅልፍ ያገኛሉ?» ትለዋለች። ሁለቱም መልሶች በአንድ ንግግር፣ በአንድ ቀን የተሰጡ ናቸው። የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ አልተጠየቀም። ስልኩ እንቅልፉን ነስቶት ይሆናል። እንቅልፍ አልወስደው ብሎ ሲገላበጥ ቆይቶ ጊዜ ለመግፋት ስልኩን አንስቶም ይሆናል። ወይም ሥራው በፈረቃ ነው፣ ወይም ጭንቀት አለበት፤ ያ ጭንቀት እንቅልፉንም ይነሳዋል፣ ስልኩንም ያስነሳዋል። ሦስቱም ታሪኮች 58 እና 50ን እኩል ይሰጣሉ። ቁጥሮቹን አይተሽ የትኛው እንደሆነ መለየት አትችይም። አንቺ ግን አንዱን መርጠሽ ለአንባቢ «ተረጋገጠ» አልሽው።

ሁለተኛው የ3.1 ቦታ ነው። የስህተት ህዳግ በዕጣው የወጡት ሌሎች ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ውጤቱ ወደ ላይና ወደ ታች ምን ያህል ሊወዛወዝ እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ነው፤ 3.1 ደግሞ የ1,000ው ሰው ነው። ዓረፍተ ነገርሽ የሚናገረው ግን ስለ 600ው እና ስለ 400ው ነው፤ የእነሱ ህዳግ ደግሞ ሰፋ ይላል። ቀመሩ ይሄ ነው፦

```
1.96 × √(p × (1 − p) ÷ n)
```

p ድርሻው ነው፣ 58 በመቶ ከሆነ 0.58። n የተጠየቁት ሰዎች ቁጥር ነው። 1.96 የ95 በመቶ መተማመኛ ቁጥር ነው። ስታሰይው ለ600ዎቹ 3.9 የመቶኛ ነጥብ፣ ለ400ዎቹ 4.9 የመቶኛ ነጥብ ይወጣል። ለሁለቱ ልዩነት ደግሞ እንዲህ ይሰላል፦

```
√(3.9² + 4.9²) ≈ 6.3
```

ስለዚህ የ8 ነጥቡ ልዩነት ከ1.7 እስከ 14.3 ድረስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዜሮ በዚያ ውስጥ የለም። ልዩነቱ የዕጣው አጋጣሚ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ሁለት ነጥብ ገደማ ይሁን አሥራ አራት ግን አናውቅም። አንባቢ ማወቅ ያለበት ይህን ነው፤ የ3.1ን ቁጥር ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ እንደ ማኅተም መምታት አይበቃም።

ሦስተኛው «አረጋገጠ» ነው። ናሙና ይገምታል፣ ያሳያል፣ ይጠቁማል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በዕጣ ተመርጠው በስልክ ከተጠየቁ 1,000 አዋቂዎች መካከል 55 በመቶ ያህሉ በቂ እንቅልፍ እንደማያገኙ ተናግረዋል፤ የዚህ ቁጥር የስህተት ህዳግ ወደ ላይም ወደ ታችም 3.1 የመቶኛ ነጥብ ነው። አልጋ ላይ ስልክ እንደሚመለከቱ ከተናገሩት 600 ሰዎች 58 በመቶ፣ እንደማይመለከቱ ከተናገሩት 400 ሰዎች ደግሞ 50 በመቶ ይህንኑ ብለዋል። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው የ8 ነጥብ ልዩነት የራሱ ህዳግ 6.3 ነጥብ ነው። ጥናቱ ሁለቱንም ነገሮች የጠየቀው በአንድ ጊዜ በመሆኑ የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ፣ ወይም ሁለቱን የሚያገናኝ ሌላ ነገር መኖሩን አያሳይም።»

55 የመጣው ከ600ዎቹ 348፣ ከ400ዎቹ 200 ሰው ተደምሮ 548 ስለሚሆን ነው። ሪፖርቱ ባይጽፈውም ማውጣት ይቻላል። «ተናግረዋል» የሚለውን ቃልም ልብ በዪው። እንቅልፋቸውን ማንም አልለካም። ራሳቸው የተናገሩትን ነው የያዝነው።

ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፦ ልዩነቱን እውነት ነው ማለትህ አልተዋጠልኝም። 58 ሲቀነስ 3.9 ወደ 54.1 ይወርዳል፤ 50 ሲደመር 4.9 ወደ 54.9 ይወጣል። ሁለቱ ክልሎች ተደራርበዋል። የተደራረበ ነገር ልዩነት የለውም ብለን ነው ያስተማርነው።

መምህር፣ የሕጉ ግማሽ ትክክል ነው። ክልሎቹ ጨርሶ ካልተነካኩ ልዩነት አለ ብሎ መናገር ይቻላል። በጥቂቱ ሲደራረቡ ግን ልዩነት የለም አይባልም። መደራረብን ስናይ ሳናስበው ሁለቱን ህዳጎች ደምረን 8.8 አድርገናቸዋል፤ 8 ከ8.8 ስለሚያንስ ነው የተደራረቡት። ለዚያ አጋጣሚ ግን አንደኛው ቡድን በዕጣ ወደ ላይ ሲስት ሌላው በዚያው ዕጣ ወደ ታች መሳት ነበረበት፣ ሁለቱም እስከ ጫፍ። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ብርቅ ነው። ካሬያቸውን ደምረን ሥር የምናወጣውም ለዚህ ሲሆን ውጤቱ 8.8 ሳይሆን 6.3 ይሆናል።

እርስዎ ያነሱት ነገር የሚሠራበት ቦታ አለ። ልዩነቱ 5 ነጥብ ቢሆን ኖሮ ከ6.3 ስለሚያንስ «በሁለቱ መካከል ግልጽ ልዩነት አልታየም» እል ነበር። «እኩል ናቸው» ግን አልልም። ልዩነት አለመታየቱና እኩል መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በማጠቃለያ ላይ ግን አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ የማየው ብዙ ጊዜ ነው።

አንድ የሬዲዮ ዜና አርታኢ፦ የናሙናው መጠን ከፍ ቢል፣ ለምሳሌ 10,000 ሰው ቢጠየቅ፣ ያኔ ምክንያቱን በድፍረት መናገር ይቻላል አይደል?

አይቻልም። የናሙና መጠን ሲጨምር የሚጠበው ህዳጉ ብቻ ነው። 10,000 ሰው ጠይቀው እንደገና 58 እና 50 ቢያገኙ የ8 ነጥቡ ልዩነት ህዳግ ወደ 2 ነጥብ ይወርዳል፤ ልዩነት መኖሩን በጣም እርግጠኛ ይሆናሉ። ሆኖም እንቅልፍ ያጣው ሰው ስልክ ማንሳቱ ነው ወይስ ስልክ ያነሳው እንቅልፍ ማጣቱ የሚለው ጥያቄ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሚሊዮን ሰው ቢጠየቅም መልሱ በአንድ ጊዜ የተሰጠ ነው።

ምክንያትን ለመያዝ የጥናቱ አሠራር መለወጥ አለበት። ለምሳሌ ፈቃደኛ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹ ለጥቂት ሳምንታት ስልካቸውን ከመኝታ ክፍል ውጭ እንዲተዉ ማድረግ። ማን የትኛው ቡድን እንደሚገባ የወሰነው ዕጣ ስለሆነ ጭንቀታሙም ፈረቃ ሠራተኛውም በሁለቱም ወገን በተቀራራቢ መጠን ይገኛል። እዚያ የሚታይ ልዩነት ስለ ምክንያት ይናገራል። ሪፖርቱ ሲደርስዎ መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህን ይሁን፤ ስልክ የመመልከት ወይም ያለመመልከት ውሳኔው የማን ነበር? የራሳቸው የተጠያቂዎቹ ከሆነ ማጠቃለያዎ ስለ ልዩነት እንጂ ስለ ምክንያት አይደለም።

ያው አርታኢ፦ እሺ፣ ግን ዜናችን «ምክንያት» የሚለውን ቃል ተጠቅሞ አያውቅም። ዓረፍተ ነገራችን «አልጋ ላይ ስልክ የሚመለከቱ ሰዎች ለእንቅልፍ እጦት ተጋላጭ መሆናቸውን ጥናት አመለከተ» ነበር። ይህም ስህተት ነው ሊሉኝ ነው?

አዎ፣ ልልዎት ነው። እንዲያውም ከሁሉም ጥያቄዎች ደስ ያለኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በአማርኛ ምክንያት የሚሾልከው «ምክንያት» በሚለው ቃል አይደለም፣ በሰዋስዋችን ነው።

«ተጋላጭ» ሲሉ አንድ የሚያጠቃ ነገር አለ ማለት ነው። ፀሐይ አለች፣ የተጋለጠ ሰው አለ። ስልኩን ፀሐይ አደረጉት። «ተዳርገዋል» የባሰ ነው፤ ዳራጊ ሳይኖር ተዳራጊ የለም። ራሴም አንድ ጊዜ በአንድ ማጠቃለያ ውስጥ «ተዳርገዋል» ብዬ ጽፌ አሳለፍኩ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ያችው ቃል በትልቁ ርዕስ ሆና ተመለሰችልኝ፣ ከርዕሱም ሥር «መንስኤው ታወቀ» የሚል ተጨምሮበት። ርዕሱን የጻፈው ሰው ምንም አልጨመረም፤ እኔ የሰጠሁትን ነው የተነተነው።

ከዚያ ወዲህ በገዛ ጽሑፌ ላይ የማድነው ነገር አለ። አንዱ የግሱ ራስ ላይ ያለችው «አ» እና «አስ» ናት። «እርካታ ጨመረ» እና «እርካታን አስጨመረ»፣ «ተሻለ» እና «አሻሻለ» በአንድ ሁለት ፊደል ይለያያሉ፤ አንደኛው የሆነውን ይናገራል፣ ሁለተኛው አድራጊ ያቆማል። ሌላው ቦዝ አንቀጽ ነው። «ስልክ ተመልክተው እንቅልፍ አጡ» ስንል ማንም ምክንያት ብሎ አልጻፈም፤ ግን አንባቢው ቅደም ተከተል ሰምቷል፣ ከቅደም ተከተሉም መዘዝ ሰምቷል። «በተመለከቱ ቁጥር እንቅልፋቸው እየቀነሰ ይሄዳል» ደግሞ አንድን ሰው ሌሊት በሌሊት የተከታተልን ያስመስላል፤ እኛ ግን የተለያዩ ሰዎችን አንድ ጊዜ ነው የጠየቅነው።

ከሁሉ የሚያታልለው በሁለት ንጹሕ ዓረፍተ ነገሮች መካከል የሚገባው «በመሆኑም» ነው። «600ዎቹ አልጋ ላይ ስልክ ይመለከታሉ። በመሆኑም ከመካከላቸው 58 በመቶ በቂ እንቅልፍ አያገኙም።» ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች ለየብቻ ብትመረምሩ እንከን የላቸውም። ጥፋቱ ድልድዩ ላይ ነው። ማጠቃለያ ሲታረም ሰው ቁጥሩን ነው የሚፈትሸው፤ «በመሆኑም»፣ «በዚህም»፣ «ስለሚመለከቱ» ሳይፈተሹ ያልፋሉ።

በተረፈ ዜናዎ በቀላሉ ይድናል፦ «አልጋ ላይ ስልክ ከሚመለከቱ ሰዎች መካከል በቂ እንቅልፍ አናገኝም ያሉት ከማይመለከቱት በርከት ይላሉ።» «ከ… መካከል» ብሎ መጀመር ቡድኖችን ጎን ለጎን ያቆማል እንጂ አንዱን ወደ ሌላው አይገፋም።

አንዲት ተርጓሚ፦ እርስዎ ራስዎ በሌላ ጊዜ «ተያያዥነት አለው» በሉ ሲሉ ሰምቼዎታለሁ። ለእኔ ጆሮ «ስልክ ከእንቅልፍ እጦት ጋር ይያያዛል» ማለት ምክንያት ነው ማለት ነው። ጎረቤቴን ብጠይቃት «ስልክ ነው ያመጣው» ብላ ነው የምትረዳው።

ይህን አልፈታሁትም። «ተያያዥነት»፣ «ዝምድና»፣ «ተዛምዶ» ሁሉም የጥናት ሰዎች በመካከላቸው ለተስማሙበት ትርጉም ይበቃሉ፤ ተራ አንባቢ ግን እንደ ጎረቤትዎ ሊሰማው እንደሚችል አልክድም። ሪፖርት ለባለሙያዎች ሲሆን እጠቀምበታለሁ። ለሰፊው አንባቢ ሲሆን ቃሉን ትቼ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ እተዋቸዋለሁ። ይህም ቢሆን ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ሲያይ ምክንያት የማይፈልግ ሰው አላውቅም። አንድ የማውቃት ባልደረባዬ ለዚህ ብላ ሌላውን አቅጣጫ በግልጽ ትጽፋለች፤ «እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ስልካቸውን አንስተው ሊሆንም ይችላል» ብላ። ይረዳል። ሆኖም በሪፖርቱ ውስጥ የሌለ ግምት ማጠቃለያ ላይ መጨመር ነው የሚሉ አሉ፤ እነሱም አልተሳሳቱም።

የግል ድርጅት ሠራተኛ፦ እኔ ደግሞ ጥያቄዬ አጭር ነው። የስህተት ህዳግ 3.1 ማለት ከ1,000ው ሰው 31 ሰዎች ተሳስተው መለሱ ማለት ነው አይደል? ታዲያ እነሱን አውጥቶ እንደገና ማስላት አይቻልም?

ስሙ ነው ያሳሳተዎት፤ ብዙ ሰው ያሳሳታል። ማንም አልተሳሳተም፣ የሚወጣም ሰው የለም። ሌላ 1,000 ሰው በዚያው ዓይነት ዕጣ ቢጠየቅ ልክ 55 አይወጣም፤ 53 ወይም 57 ሊወጣ ይችላል። ህዳጉ የዚያን መወዛወዝ ስፋት ነው የሚናገረው። ያንኑ ጥናት መቶ ጊዜ ብንደጋግመውና ሁልጊዜ 3.1 ወደ ላይና ወደ ታች ክልል ብናበጅ 95 ያህሉ ክልሎች የሕዝቡን እውነተኛ ቁጥር ይይዛሉ።

ያነሱት ነገር ግን በሌላ በኩል ጠቃሚ ነው። ሰዎች ዋሽተው ወይም ተሳስተው ቢመልሱ፣ ጥያቄው ራሱ ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ቢሆን፣ ስልክ ያላነሱት ሰዎች ካነሱት የተለዩ ቢሆኑ፣ ይህ ሁሉ በ3.1 ውስጥ የለም። ህዳጉ የዕጣውን መወዛወዝ ብቻ ነው የሚያውቀው። ማጠቃለያ ስጽፍ «የስህተት ህዳጉ 3.1 ነው» ብዬ የማልተወው ለዚህ ነው፤ ከተቻለ ጥያቄው እንዴት እንደተጠየቀና ከተደወለላቸው ስንቱ እንደመለሱ አንድ ሐረግ እጨምራለሁ።

አንድ ወጣት፦ የራሴን ጉዳይ ላንሳ። በኢንተርኔት መጠይቅ ለጥፌ 5,000 ሰው ሞላልኝ። በቀመርህ ሳሰላው ህዳጉ 1.4 ወጣ። ከተማሪዋ መምህር ጥናት የኔ ይሻላል ማለት ነው?

ሒሳቡ ልክ ነው፤ ቦታው ግን አይደለም። ቀመሩ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድሉ ሲታወቅ ነው። አንተ ጋ የመጡት ፈልገው የመጡ ናቸው፤ ስለ እንቅልፍ የሚጨነቅ ሰው ስለ እንቅልፍ መጠይቅ ሲያይ መሙላቱ አይገርምም። እንዲያውም ስልኩን አልጋ ላይ ሆኖ ሲመለከት አግኝቶት ይሆናል።

የታወቀው ምሳሌ በ1936 በአሜሪካ የሆነው ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ የፕሬዚዳንት ምርጫ መጠይቅ በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት። ብዙዎቹን አድራሻዎች ያገኘው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ስልክና መኪና ያለው ሁሉም ሰው አልነበረም። መጽሔቱ እጩው ላንደን ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ60 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። በቀመሩ ብታሰላው የዚያ ናሙና ህዳግ ከአንድ ነጥብ አሥረኛ ያነሰ ነው፤ የተሳተው ግን በብዙ ነጥብ ነው።

በአንተ ማጠቃለያ ላይ ህዳግ አትጻፍ። «መጠይቁን ፈቅደው ከሞሉት 5,000 ሰዎች መካከል» ብለህ ጀምር፣ «መላሾቹ በዕጣ ስላልተመረጡ ቁጥሩ ከእነሱ ውጭ ላለ ሰው አያገለግልም» ብለህ ጨምር። ቁጥሩን መጣል የለብህም፤ ስለማን እንደሚናገር ብቻ ንገረን።

የመጀመሪያዋ ተማሪ፦ ሪፖርቱ ላይ ያልነገርኩህ አንድ ሠንጠረዥ አለ። እንቅልፍ አናገኝም ያሉት ሰዎች «ለምን ይመስልዎታል?» ተብለው ተጠይቀዋል፤ አብዛኞቹ «ስልክ» ብለዋል። እንግዲህ ራሳቸው ምክንያቱን ከተናገሩ እኔ ለምን እፈራለሁ?

ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ መልሴ ይረዝም ነበር። መጻፍ ትችያለሽ፤ ነገር ግን የምትጽፊው ሰዎች ምክንያቱ ነው ብለው የሚያምኑትን ነው። «እንቅልፍ ካጡት አብዛኞቹ ችግሩን ከስልክ ጋር ያገናኙታል» ማለት እምነትን መዘገብ ነው። «ለአብዛኞቹ እንቅልፍ ማጣት መንስኤው ስልክ ነው» ካልሽ ግን 548 ሰዎችን የእንቅልፍ ሐኪም አድርገሽ ሾመሻል። ሰው ስለራሱ ብዙ ነገር ያውቃል፤ ለምን እንቅልፍ እንዳልወሰደው ግን ብዙ ጊዜ በዙሪያው ሲወራ የሰማውን ነው የሚመልሰው።

የስህተት ህዳጉንም አትርሺ፤ ይህ ጥያቄ የቀረበው ለ548ቱ ብቻ ስለሆነ ህዳጉ ወደ 4.2 ይሰፋል። በየሠንጠረዡ ሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈው የተጠያቂ ቁጥር እሱ ነው፤ ማጠቃለያ የሚጽፍ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ እዚያ ቢያርፍ ጥሩ ነው።

አንድ የጥናት ክፍል ባልደረባ፦ በእኛ ጥናት ባለፈው ዓመት በዕጣ ከተመረጡ 1,000 ሰዎች በቂ እንቅልፍ አናገኝም ያሉት 52 በመቶ ነበሩ፣ ዘንድሮ ከሌሎች 1,000 ሰዎች 55። በመካከሉ ስለ ስልክ አጠቃቀም ትልቅ የማስተማር ዘመቻ ነበር። አለቃዬ «ዘመቻው ቢካሄድም እንቅልፍ ማጣት ጨመረ» በል አለኝ። ይህስ ደህና ነው?

ሁለት እርምጃ በአንድ ጊዜ ሄደዋል። የ3 ነጥቡ ለውጥ ህዳግ በእነዚህ ሁለት ናሙናዎች 4.4 ነጥብ ነው፤ ስለዚህ «ጨመረ» ለማለት እንኳ አልደረስንም። «ከአምናው ግልጽ ለውጥ አልታየም» ነው የሚባለው። «ቢካሄድም» ደግሞ ዘመቻው መቀነስ ነበረበት፣ ከሸፈ የሚል ፍርድ ይዞ ነው የሚመጣው። ዘመቻው ባይኖር 60 ይሆን እንደነበር፣ ወይም 55 ያው እንደሚሆን ከሪፖርቱ የሚያውቅ የለም። ዘመቻውን መጥቀስ ካስፈለገ በሌላ ዓረፍተ ነገር፣ ቀኑን ብቻ ይዞ ይግባ።

ያው ባልደረባ፦ አለቃዬን ይህን ሁሉ ብነግረው «አንባቢ ለምን የሚለውን ነው የሚፈልገው» ይለኛል።

ልክ ነው፣ ይፈልጋል። ሪፖርቱ ከሌለው ግን ከየት ታመጣለታለህ? እኔ እንዲህ ላለ አለቃ ሁለት ማጠቃለያ ይዤ እሄድ ነበር፤ አንዱ እሱ የጠየቀኝ፣ ሌላው ሪፖርቱ የሚፈቅደው። ከዚያም በመጀመሪያው ላይ ጣቴን አስቀምጬ «ይህችን ቃል የትኛው ሠንጠረዥ ላይ ነው የማገኛት?» እለው ነበር። ሁለት አለቆቼ ሠንጠረዡን ሲፈልጉ ቆይተው ሁለተኛውን መረጡ። ሦስተኛው መጀመሪያውን አትም አለ፤ ታተመም።